በፍላሽ የነጣው ፊት፦ የአንዲት ሙሽራ የሜካፕ ሙከራና የሰርግ ቀን ሰዓት (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ሙሽራዋ የ28 ዓመት ወጣት ናት። ጠይም ነች፤ ግንባሯና አፍንጫዋ ቶሎ ይወዛል፣ ጉንጯ ግን ደረቅ ነው። ሰርጉ በጥር ወር፣ እሁድ ቀን፣ አዲስ አበባ ነበር። ሙሽራው ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ከሚዜዎቹ ጋር ወላጆቿ ቤት መጥቶ ይወስዳታል፤ ከዚያ ዛፍ ወዳለበት ቦታ ለፎቶ ይሄዳሉ፤ 9 ሰዓት ላይ አዳራሽ ይገባሉ። መልሱ በማግስቱ ነው። እኔ ሙሽራዋን እሠራለሁ፣ ረዳቴ ደግሞ አራቱን ሚዜዎችና የሙሽራዋን እናት።

ጉዳዩን የምጽፈው በሙሽራዋ ፈቃድ ነው፤ ስሟን አላነሳም። ከተፈጠሩት ስህተቶች አብዛኛዎቹ የእኔ ስለሆኑ ለመጻፍ አልከበደኝም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ከሰርጉ አምስት ሳምንት በፊት፣ ከሥራ ወጥታ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሳሎኔ መጣች። ደክሟታል፣ ጠዋት የተቀባችው ሰንስክሪን ፊቷ ላይ አለ፣ የለበሰችው አንገቱ ዝግ የሆነ ጥቁር ሹራብ ነው። ያኔ ከነዚህ አንዱም አላሳሰበኝም።

«ቬሎው ነጭ ነው፤ ጠቁሬ እንዳልታይ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» አለችኝ። ይህን የማይለኝ ሙሽራ ጥቂት ነው። እኔም እሺ ብዬ ከቆዳዋ በግማሽ ደረጃ የሚቀላ ፋውንዴሽን መረጥኩ። በሰንስክሪኑ ላይ ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባውን ፕራይመር፣ በፕራይመሩ ላይ ፋውንዴሽን፣ ከዓይኗ ሥር ደግሞ ጥቁረት የሚሸፍነውን ኮንሲለር አደረግሁ። በመጨረሻም ነጩን ፓውደር ከዓይኗ ሥር ወፈር አድርጌ ደፍቼ አሥር ደቂቃ ካቆየሁት በኋላ አራገፍኩት፤ እኛ «ቤኪንግ» የምንለው ነው። በሳሎኑ ቢጫ መብራት ሥር መስታወቱ ውስጥ በጣም አምሮባት ነበር። ያለ ፍላሽ ሁለት ፎቶ አንስተን ተሰነባበትን።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ እቤት በስልክ ፍላሽ ያነሳትን ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «ፊቴ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስላል» ብላ ጽፋለች። አላጋነነችም። ፊቷ ነጭ ነው፤ ከዓይኗ ሥር ደግሞ ከቀረው ፊቷም የበለጠ የነጡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ። ጆሮዋ፣ አንገቷና እጇ የራሷ ጠይም ቀለም ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ «የስልኩ ካሜራ ነው» የሚል ነበር፤ መልሼ ልጽፍላትም ጀምሬ ነበር። ስልኩ ግን አንገቷን በትክክል አንስቶታል። ያው ካሜራ፣ ያው ብርሃን ሆኖ ፊቷ ብቻ ከነጣ ጥፋቱ ፊቷ ላይ ካደረግሁት ነገር ነው።

ምክንያቱን ለይቶ ማግኘት

ፍላሽ ፊትን የሚያነጣበት የታወቀ ምክንያት አለ። አብዛኞቹ ማዕድን ያለባቸው ሰንስክሪኖች የሚሠሩት በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም በዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ብርሃንን ይመልሳሉ። ብዙዎቹ ነጭ ፓውደሮች ደግሞ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለባቸው። በቀን ብርሃን ሲሊካ ፊትን ለስላሳ ያስመስላል፤ ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ቀጥታ ወደ ካሜራው ይመልሰዋል። ዓይናችን ይህን በመስታወት አያየውም፤ መስታወቱ ፍላሽ የለውምና።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ከተደራረቡት ነገሮች የትኛው እንደሆነ ነው። ሁሉን ጥሎ በሌላ ዕቃ እንደገና መጀመር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አዲሱም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ ቀጠርኩና ዋጋውን በራሴ አደረግሁ።

ሁለተኛው ሙከራ ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ መስኮት ሥር ነበር። ፊቷን በሳሙና ብቻ ታጥባ፣ አንገቱ ክፍት የሆነ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ትከሻዋ ላይ ነጭ ነጠላ አለበስኳት። ነጭ ጨርቅ ብርሃንን ወደ አገጭና አንገት ስለሚመልስ የፊት ቀለም ከቬሎ ጋር የሚታይበትን መልክ ይሰጣል፤ ጥቁር ሹራብ ይህን ይደብቃል።

ከዚያ መጋረጃውን ዘግተን በስልክ ፍላሽ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ማሳመሪያ ፊልተር አጥፍተን አነሳኋት። መጀመሪያ ባዶ ፊቷን፣ ቀጥሎ በሰንስክሪኑ ብቻ፣ ከዚያ ፋውንዴሽን ሲጨመር፣ በመጨረሻ ፓውደር ሲጨመር። አራት ፎቶ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስናይ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰንስክሪኑ ሲቀባ ፊቷ በሙሉ ቀለል ብሎ ነጣ፤ ፋውንዴሽኑ ያን ያህል አልጨመረበትም፤ ነጩ ፓውደር ሲደፋ ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ወጡ። ስለዚህ ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ፋውንዴሽኑን መጣል አላስፈለገም።

ሰንስክሪኑን በማዕድን ባልተሠራ፣ ቆዳ ላይ ነጭ በማይተው ዓይነት ቀየርነው። ፈጽሞ መተው አልፈለግሁም፤ ከቀትር በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ውጭ ትቆማለች፣ የጥር ፀሐይ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ታቃጥላለች። ከዓይን ሥር የሚደፋውን ነጭ ፓውደር ወደ ቆዳዋ ቀለም በቀረበ ቢጫማ ፓውደር ተካሁት፤ እሱንም በትንሽ ብሩሽ ስስ አድርጌ፣ ሳላቆይ። እንደገና አነሳናት፤ ነጩ ጠፋ።

ፊትን ከደረት ጋር ማስማማት

«ቀላ አድርጊኝ» የሚለው ግን ገና አልተፈታም። አሁንም በግማሽ ደረጃ የቀላው ፋውንዴሽን በመስኮቱ ብርሃን አመድማ ነበር። ቢጫው የሳሎን መብራት በሁሉም ነገር ላይ ቢጫ ስለሚጥል በፊትና በአንገት መካከል ያለውን ልዩነት ውጦት ነበር እንጂ መጀመሪያም ነበረ።

ክርክር አልገጠምኩም። በመንጋጋዋ ላይ ከጆሮ እስከ አንገት ሦስት ጣት የሚያህሉ መስመሮች ሳብኩ፦ የቀላውን፣ ትክክለኛዋን፣ የሁለቱን ቅልቅል። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። መጠበቁ የግድ ነው፤ ብዙ ፋውንዴሽን ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ጠቆር ወይም ብርቱካናማ ይላል፣ እንደተቀባ የሚታየው ቀለም የመጨረሻው አይደለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የቀላው አሁንም ከቆዳዋ ተለይቶ ቆሟል፤ ትክክለኛው ግን የት እንዳለ ፈልገን አጣነው። መስታወቱን እጇ ላይ ሰጥቼ መስኮት ጋ ላክኋት። ትንሽ ቆይታ «ይኼኛው የእኔ ነው» አለች።

የተስማማንበትን ቀለም ያመጣጠንኩት ከደረቷ ጋር ነው፤ ቬሎው ደረቷን የሚያሳይ ስለሆነ ፎቶ ላይ ከፊቷ አጠገብ የሚወጣው እሱ ነው። የፈለገችውን መፍካት የሰጠኋት በሌላ መንገድ ነው። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት መጀመሪያ በስስ ብርቱካናማ ማረሚያ አጥፍቼ ከላይ ኮንሲለር አደረግሁ። ያለ ማረሚያው ኮንሲለሩ ብቻውን ግራጫ ይሆንባት ነበር።

ለፎቶ የሚሆንና ለዓይን የሚሆን ሜካፕ የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። ካሜራ፣ በተለይ ፍላሽ፣ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ብላሽና የጉንጭ ጥላ ይበላል። ብዙዎቻችን ታዲያ ሁሉን ነገር እናወፍራለን፣ ጉንጯን ልትስም የመጣች አክስት ጭምብል ታያለች። በዚህች ሙሽራ ላይ መሠረቱን ስስ አድርጌ ብላሹን፣ ቅንድቡንና ሽፋሽፍቱን ብቻ ከተለመደው ትንሽ አጠነከርኩ። እነዚህ ጠርዛቸው በደንብ ከተዋሐደ በቅርብ አይከብዱም። ያጣራነውም በሦስት ርቀት ነው፦ አንድ ክንድ፣ ሁለት ሜትር፣ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ።

ሜካፑን አንድ ቀን ማዋል

ያን ቅዳሜ ፊቷን እንዳትታጠብ ነገርኳት። 6፣ 9 እና 11 ሰዓት ላይ መስኮት ሥር ፎቶ አንስታ እንድትልክ ተስማማን። 6 ሰዓት ላይ ሁሉ ደህና ነው። 9 ሰዓት ላይ አፍንጫዋና ግንባሯ ወዝቷል፤ ይህ ይጠበቅ ነበር። ያልጠበቅሁት በአፍንጫዋ ክንፎችና ስትስቅ በሚታጠፈው ቦታ ፋውንዴሽኑ መሰነጣጠቁ ነው። ሲሊኮን የሚበዛበት ፕራይመር ላይ ውኃ የሚበዛበት ፋውንዴሽን ደርቤ ነበር፤ ሁለቱ አይያያዙም። ፕራይመሩን ከጉንጯ አውጥቼ እርጥበት በሚሰጥ ቅባት ተካሁት፤ ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ብቻ ስስ አድርጌ ተውኩት፣ ፋውንዴሽኑንም ሲሊኮን ባለበት ቀየርኩ። አዲሱን በሚቀጥለው ሳምንት ለግማሽ ቀን ሞከርነው፤ አልተሰነጠቀም። ፋውንዴሽን ስለተቀየረ የፍላሹንም ፎቶ ደገምነው።

11 ሰዓት ላይ የዓይኗ ጠርዝ እንደሚያሳክካት ነገረችኝ። የአርቴፊሻል ሽፋሽፍቱ ማጣበቂያ አንዳንድ ቆዳን የሚያስቆጣው ላቴክስ አለበት። ላቴክስ የሌለውን ገዛሁ፤ ከክርኗ ውስጥ ትንሽ ቀብታ አንድ ቀን አቆየችው፣ ምንም አላላትም።

ሰዓቱን ከመጨረሻው መቁጠር

የሰርጉን ቀን ሰዓት ስናወጣ የጀመርነው ሙሽራው በር ላይ ከሚደርስበት 5 ሰዓት ነው። ሚዜዎቹ በር ላይ «አናስገባም ሰርገኛ» እያሉ ሲያዘገዩት የሚገኘውን ጊዜ አልቆጠርኩም፤ እሱ የሰርጉ እንጂ የሜካፑ ጊዜ አይደለም።

ካሜራማኑ የቤት ፎቶ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል አለ። ስለዚህ ሙሽራዋ 4:15 ላይ ለብሳ መቆም አለባት። ቬሎው ከኋላ በገመድ የሚጠብቅ ስለነበር ለማልበስ ግማሽ ሰዓት፤ 3:45። ከዚያ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ባዶ ጊዜ አስገባሁ፣ በወረቀቱ ላይ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩት፣ ለማንም እንዳይሰጥ። ስለዚህ ሜካፕ የሚያልቀው 3:15 ነው። ሜካፑ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ስለሚወስድ 1:30 ላይ ይጀመራል፤ ፀጉር ደግሞ ከንጋቱ 11:45።

ለሜካፑ 1:30ን የመረጥኩት በብርሃኑም ምክንያት ነው። በጥር አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው 12:45 ገደማ ነው፤ 1:30 ላይ በመስኮት የሚገባ በቂ ብርሃን አለ። ሚዜዎቹ ግን ከ12:15 ጀምሮ፣ ለእያንዳንዳቸው አርባ ደቂቃ ተሰጥቶ፣ ሲነጋጋ ስለሚሠሩ ለረዳቴ በባትሪ የሚሠራ፣ የቀን ብርሃን የሚመስል መብራት ሰጠኋት። እናቷ የመጨረሻዋ ናቸው፤ እንግዳ ሲቀበሉና ማድ ቤት ሲገቡ እንዳይበላሽባቸው።

ካሜራማኑን አንድ ነገር ጠይቄው ነበር፦ ፍላሹን ቀጥታ ነው ወይስ ጣራ ላይ አንጥሮ የሚጠቀመው? ቤት ውስጥ ጣራ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ ቀጥታ አለኝ። ስለዚህ ፈተናችን በቀጥታ ፍላሽ መሆኑ ትክክል ነበር። ደግሞም የካሜራማኑ አልበም ሳይደርስ የሰርጉን ፎቶ ዓለም የሚያየው ከዘመድ ስልክ ነው፤ ያ ሁሌም ቀጥታ ፍላሽ ነው።

ዕለቱ

ከንጋቱ 12:30 ላይ መብራት ጠፋ። የሙሽራዋ ፀጉር በቢጉዲ ተጠቅልሎ ካስክ ሥር ነበር፤ ገና እርጥብ ነው። ፀጉር ሠሪዋ «ካልደረቀ አይፈታም» አለች፤ ልክ ናት።

ያዳነን የሥራውን ቅደም ተከተል መገልበጣችን ነው። የዓይን ሥራ ፀጉሩን አይጠብቅም። 12:50 ላይ በባትሪው መብራት ቅንድቧንና የዓይን ቀለሟን ጀመርኩ። ፋውንዴሽኑን ግን አልነካሁም፤ መብራቱ ሲመጣ ተመልሳ ካስክ ሥር ትገባለች፣ እዚያ ትላብና ሁሉም ይበላሻል። ዓይን አስቀድሞ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚረግፈው ጥቁር ቀለም ባዶ ቆዳ ላይ ስለሚወድቅ በጥጥ ይጠረጋል። መብራቱ 1:20 ላይ መጣ። ፀጉሯ 2:15 ላይ አለቀ፣ የፊቷን ቀሪ ሥራ 3:25 ላይ ጨረስኩ። አሥር ደቂቃ ብቻ ዘገየን፣ ከ«ባዶ»ው ወሰድን።

የቀረውን «ባዶ» የወሰዱት አክስቷ ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ወንበሩ ላይ ግን ተቀምጠዋል። እናቷ «ልጄ፣ አክስቷን ትተሽ እንዴት ይሆናል?» አሉኝ። ረዳቴ በሩብ ሰዓት ቅንድብ፣ ፓውደርና ሊፕስቲክ አድርጋላቸው ተመርቃ ተነሳች። ሙሽራዋ 4:15 ላይ ለብሳ ቆማለች።

ያልተሳካው

ከመሸኘቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስትስም አለቀሰች፤ ማንም ሙሽራ ታለቅሳለች። ማስካራው ውኃ የማይበግረው ስለነበር አልወረደም፤ ነገር ግን የግራው ሽፋሽፍት የውጭ ጫፍ ተነሳ። ማጣበቂያው በሚዜዋ ቦርሳ ውስጥ አለ፣ ማንም ግን ልብ አላለም። እስከ አዳራሽ ድረስ በቅርብ የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ላይ ይታያል።

ትልቁ ጉድለት ግን ግንባሯ ነው። ለዋናዋ ሚዜ ቦርሳ ስሰጥ ወዝ የሚመጥ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ሊፕስቲክ፣ ማጣበቂያና ፓውደር አድርጌበታለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን በቃል ብቻ፣ ያውም በችኮላ ነገርኳት። ግንባሯ በወዘ ቁጥር ሚዜዋ ወዙን ሳትመጥ ፓውደር ትደርብበት ነበር። ወዝና ፓውደር ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ፤ 10 ሰዓት ገደማ በተነሱት የአዳራሽ ፎቶዎች ግንባሯ ላይ ተንጠባጥቦ የደረቀ ነገር ያለ ይመስላል።

ሌላው ከእኔ ወረቀት የጎደለ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ዘመዶቿ ጋር ሆና የላይኛውን ከንፈሯን ፀጉር በክር አስነቀለች። ጠዋት ቀይ ሆኖ ትናንሽ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር፤ ፋውንዴሽኑ እዚያ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ አልተኛም። ስለ ሜካፑ ሰዓት ስንጽፍ ስለ ቆዳዋ ሳምንት አልጻፍንም።

ሊፕስቲኩም ኬክ ከተቆረሰና ጉርሻ ከተሰጣጡ በኋላ ከውስጥ በኩል ተላጠ። ከኬኩ በኋላ እንዲታደስ ጽፌ ነበር፤ መድረክ መሪው ፕሮግራሙን ሲያዟዙረው ማንም አላስታወሰም።

ከዚህ ውጪ ያሰብነው ሆነ። ፎቶዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደርሱ በቀጥታ ፍላሽ የተነሱት ላይ ፊቷና ደረቷ አንድ ቀለም ነበሩ። ሐምራዊ የአዳራሽ መብራት ሥር የተነሱት ሐምራዊ ናቸው፤ ለዚያ ሜካፕ መድኃኒት የለውም።

አሁን የምሠራበት መንገድ

ከዚያ ወዲህ የማታ ሙከራ አልቀጥርም። ሙሽራዋ ታጥባ፣ አንገተ ክፍት ለብሳ፣ በጠዋት ትመጣለች። የራሷን ሰንስክሪንና ቅባት ይዛ እንድትመጣ እጠይቃለሁ፤ ችግሩ ከእኔ ዕቃ ብቻ ላይመጣ ይችላል። ደረጃ በደረጃ የሚነሳውን የፍላሽ ፎቶ ነጭ ከታየ በኋላ ሳይሆን ሳይታይ በፊት አነሳለሁ፤ ከሙከራው በኋላ አንድ ዕቃ እንኳ ከተቀየረ ፎቶው ይደገማል።

በወረቀቱ ላይ ከሰዓቱ በፊት ሌላ ክፍል ጨምሬያለሁ። የመጨረሻው የፊት ማጽዳት ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅንድብና ከንፈር ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዘመድ ክር ይዞ አይቀርብም። ወረቀቱን ለሙሽራዋ ብቻ ሳይሆን ለታላቅ እህት ወይም ለእናት አነብላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ቤቱን የሚያዙት እነሱ ናቸው።

በሚዜዋ ቦርሳ ውስጥ ፓውደር አላስገባም። ወረቀት፣ ሶፍት፣ ሊፕስቲክና ማጣበቂያ ብቻ። ጠዋት ላይ አምስት ደቂቃ ወስጄ ራሷ በሙሽራዋ ግንባር ላይ ወረቀቱን ተጭና እንድታነሳ አደርጋለሁ፤ ማሸት ሳይሆን መጫን። እንባም እንዲሁ ነው፣ ሶፍቱ ታጥፎ ከሽፋሽፍቱ ሥር ይያዛል እንጂ አይጎተትም። ሊፕስቲኩን በሰዓት ሳይሆን በክስተት አስሬዋለሁ፦ ኬክ ሲበላ ሚዜዋ ትነሳለች።

መልሱ

ለመልሱ ዕቅዳችን ያንኑ ሜካፕ መድገም ነበር። ሰኞ ጠዋት ሽፋሽፍቱ የተጣበቀበት ጠርዝ ቀላ ብሎ፣ ጉንጯም ማታ በእርጥብ ማጽጃ ሶፍት ከመፈተጉ የተነሳ ደርቆ አገኘሁት። አርቴፊሻል ሽፋሽፍቱን ተውነው። ቅባት ቀብቼ ሃያ ደቂቃ አቆየሁና ፋውንዴሽኑን በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ በስፖንጅ ነካ ነካ አደረግሁበት፤ ብላሽ፣ ማስካራና ጠቆር ያለ ቀይ ሊፕስቲክ ጨመርን። ሁሉም አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ካባውን ስትደርብ እናቷ ከበሩ ላይ ቆመው አዩዋትና «ትናንት እንዲህ አልሆንሽም ነበር» አሏት። ለትናንቱ ሦስት ሙከራ እንደፈጀን አልነገርኳቸውም።